አሞንያ ሲያፈተልክ የሚነበብ ማስታወቂያ፦ በአራት ቋንቋ፣ በአጭር ዐረፍተ ነገርና በምልክት እንዴት ይዘጋጃል?

ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት የሥራ ቦታ የአደጋ ጊዜ ማስታወቂያ ማዘጋጀት የትርጉም ሥራ ይመስላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። ሥራው በአብዛኛው የሚያልቀው ግን ትርጉም ከመጀመሩ በፊት ነው፤ የመነሻው ጽሑፍ ከተበላሸ አራት ቋንቋ ላይ አራት ጊዜ ይበላሻልና። ይህ መመሪያ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ጉዳዩ በአሞንያ የሚሠራ የማቀዝቀዣ መጋዘን ሲሆን፣ ሠራተኞቹ አማርኛ፣ ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛና ሂንዲ ያነባሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ምንም አያነቡም።

አሞንያን የመረጥኩት ከእሳት ይልቅ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። በእሳት ጊዜ «ውጡና እዚያ ቦታ ተሰብሰቡ» ማለት በአብዛኛው ይበቃል። አሞንያ ሲያፈተልክ ግን የመሰብሰቢያው ቦታ ደኅና መሆኑ በነፋሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በእሳት ልምምድ የለመዱት ቦታ ነፋሱ ጋዙን በሚወስድበት በኩል ከሆነ ሠራተኛው ከጋዙ ሸሽቶ ጋዙ ውስጥ ይቆማል። አሞንያ በተለመደው የአየር ሙቀት ከአየር የቀለለ ቢሆንም፣ ከግፊት ውስጥ ቀዝቅዞና ከጠብታ ጋር ተቀላቅሎ ሲወጣ እንደ ነጭ ጉም መሬት ለመሬት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ «ወደ ላይ ይሄዳል» በሚል እምነት ማስታወቂያ አይጻፍም።

ደረጃ አንድ፦ የሚነበበውን ቋንቋ እወቁ

ሠራተኛው የሚናገረውን ሳይሆን የሚያነበውን ቋንቋ ጠይቁ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ በቤቱ አንድ ቋንቋ እየተናገረ ያደገና ትምህርቱን በሌላ ቋንቋ የተማረ ሰው በአፍ መፍቻው የተጻፈውን ፊደል እየቆጠረ ነው የሚያነበው። ጥያቄውን በወረቀት መጠየቅ አይጠቅምም። አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር በየቋንቋው ጽፋችሁ «የትኛውን ቶሎ ታነባለህ?» ብላችሁ በየፈረቃው በቃል ጠይቁ፤ የማያነበውም ሳያፍር ራሱን የሚገልጥበት መንገድ ይኸው ነው። በአንድ ገጽ ላይ ከአራት ቋንቋ በላይ እንዲሰፍር አልመክርም። ከዚያ ካለፈ ፊደሉ ያንሳል፣ ዓይንም የራሱን መስመር ፈልጎ ማግኘት ያቅተዋል።

ደረጃ ሁለት፦ የመነሻውን ጽሑፍ ሰባብሩ

መጀመሪያ የደረሰኝ ረቂቅ እንዲህ ይል ነበር፦

«በቅጥር ግቢው ውስጥ የአሞንያ ጋዝ ማፈትለክ አደጋ በሚያጋጥምበት ወቅት ሁሉም ሠራተኞች በሥራ ላይ የሚገኙ መሣሪያዎችን በማጥፋትና የጎን በሩ የሚዘጋ መሆኑን በመገንዘብ በተዘጋጁት የአደጋ ጊዜ መውጫ በሮች በኩል በመውጣት በተለየው የመሰብሰቢያ ቦታ እንዲገኙ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ስሕተት የሌለበት የመሥሪያ ቤት አማርኛ ነው፤ ለአደጋ ግን አይሆንም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አንባቢው ምን እንደሚደረግ የሚያውቀው ሠላሳ ያህል ቃላት ካነበበ በኋላ ነው፤ የመጨረሻውም ቃል «እናሳስባለን» ስለሆነ የጸሐፊውን እንጂ የአንባቢውን ድርጊት አይናገርም። «የጎን በሩ የሚዘጋ መሆኑን» የሚለውን ደግሞ ሦስት ሰዎች አስነብቤ ሦስት መልስ አገኘሁ። አንዱ «ስንወጣ እንዝጋው ማለት ነው» አለ፤ ሁለተኛው «ተቆልፏልና በዚያ አትሂዱ ማለት ነው» አለ፤ ሦስተኛው በሩ ራሱ እንደሚዘጋ ተረዳ። «ይዘጋል»፣ «አይነካም»፣ «ይከፈታል» የሚሉት ግሶች በማስታወቂያ ላይ ትእዛዝም ወሬም ሊሆኑ ይችላሉና ከመነሻው ጽሑፍ አውጧቸው። «ዝጉ»፣ «አትንኩ»፣ «ክፈቱ» ሁለት ትርጉም የላቸውም።

ትእዛዙ በብዙ ቁጥር ይሁን። «ውጣ» ሴትን ይተዋል፣ «ውጪ» ወንድን ይተዋል፣ «ይውጡ» ደግሞ «እነሱ ይውጡ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «ውጡ» ሁሉንም ይይዛል፤ ማንንም አያዋርድም። «እባክዎ» እና «በትሕትና» የሚሉትን ማውጣት ሥርዓት ማጣት አይደለም፤ ቦታቸው ሌላ ነው።

አንድ ነገር በአንድ ስም ብቻ ይጠራ። በዚሁ ረቂቅ «በር» የሚለው ቃል የመጋዘኑን መውጫም የግቢውን መግቢያም ይጠራ ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን «መውጫ» አልነው፣ ሁለተኛውን በአጠገቡ ባለው «የጥበቃ ቤት» ጠራነው። «ጋዝ» የሚለውንም ቃል ብቻውን አትመኑት፤ ለብዙ የአማርኛ አንባቢ ጋዝ ማለት በመጀመሪያ የሚነድ ነዳጅ ነው፣ ወደ አእምሮውም የሚመጣው እሳት ነው። «አሞንያ» ብላችሁ ጻፉና ሽታውን ጨምሩበት፤ ሽታውን ያላወቀ የመጋዘን ሠራተኛ የለምና።

ስለ ሽታው ሌላም ምክንያት አለ። የአሞንያን ሽታ ሰው የሚያውቀው መጠኑ ገና ዝቅተኛ ሳለ ነው፤ በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ወዲያውኑ ለሕይወት አደገኛ ተብሎ የተቀመጠው መጠን በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 300 እጅ ሲሆን፣ አፍንጫ የሚነግረን ከዚያ በእጅጉ ሲያንስ ነው። ስለዚህ ደወሉ ካልጮኸም ሰው መውጣት እንዳለበት ማስታወቂያው መናገር አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ጽሑፍ ይህ ነው፦

ደወሉ እየተቆራረጠ ከጮኸ፣ አሞንያ ነው።
ኃይለኛ ሽታ ካለ፣ ደወሉን አትጠብቁ።
1. ሥራ አቁሙ።
2. በቅርቡ መውጫ ውጡ።
3. የነፋሱን ጨርቅ እዩ። ጨርቁ ወደሚጠቁምበት አትሂዱ።
4. ታንከሩ ጋ ወይም የጥበቃ ቤቱ ጋ ተሰብሰቡ።
5. ኃላፊው እስኪጠራችሁ ጠብቁ።
ዓይን ከተቃጠለ፦ በውኃ እጠቡ። 15 ደቂቃ።

«መሣሪያ አጥፉ» የሚለው የለም። ኮምፕረሰሩን የማቆም ኃላፊነት ያለባቸው ሁለት ሰዎች የራሳቸው መመሪያ አላቸው፤ የእነሱን ሥራ በሁሉም ማስታወቂያ ላይ መጻፍ ሌላውን ሰው ወደ ማሽኑ መመለስ ነው። «ካ» እና «ከ» የሚል ሁኔታ ሲኖር ሁልጊዜ ከፊት እንዲቀድም፣ ድርጊቱም ወዲያው እንዲከተል አድርጉ።

ደረጃ ሦስት፦ ነፋሱን ለሚያዩበት መንገድ ስም ስጡ

ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ብዙ ጊዜ የወሰዱብን ናቸው። መጀመሪያ «ነፋሱን ወደ ጎን አቋርጣችሁ ሂዱ» ብለን ጽፈን ነበር። ባለሙያ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው «ነፋስን ማቋረጥ» ምን እንደሆነ ቆሞ ማሰብ የለበትም። ስለዚህ ሐሳቡን ሳይሆን ግቢውን አስተካከልን። በሕንፃው ሁለት ተቃራኒ ጎኖች ሁለት የመሰብሰቢያ ቦታዎች ተለዩ፣ ከየትኛውም መውጫ የሚታይ፣ ከሰፊ አፍ ወደ ቀጭን ጫፍ እንደ ቱቦ የተሰፋ የነፋስ ጨርቅ በምሰሶ ላይ ተሰቀለ፣ ለሌሊቱ ፈረቃም መብራት ተደረገለት። ነፋስ የሚገባው በሰፊው አፍ ስለሆነ ቀጭኑ ጫፍ የሚጠቁመው ጋዙ የሚሄድበትን ነው። ጨርቁ ከሁለቱ ወደ አንዱ ካመለከተ ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ወደ ሁለቱም ካላመለከተ የሚቀርበው ይሆናል፣ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ጋዙን እስካላቋረጠ ድረስ።

ሁለቱን ቦታዎች «ሀ» እና «ለ» ብሎ መሰየም ቀላል ይመስላል፤ ፊደሉን የማያነብ ሰው ግን ቦታውንም ያጣል። «1» እና «2» ብንል ከደረጃዎቹ ቁጥር ጋር ይጋጫል፤ «ወደ 2 ሂዱ» የሚለው ሁለተኛውን ደረጃ ሊመስል ይችላል። ክብና ሦስት ማዕዘን ደግሞ በደኅንነት ምልክቶች ውስጥ የራሳቸው ትርጉም አላቸው። በመጨረሻ ከግቢው ውስጥ በዓይን የሚታዩ ሁለት ነገሮችን፣ ከፍ ያለውን የውኃ ታንከርና የጥበቃ ቤቱን፣ ወሰድንና ጥላቸውን በጥቁር ሥዕል አደረግን።

ደረጃ አራት፦ ምልክቶቹን ከዓለም አቀፉ ደረጃ ውሰዱ፣ አትፍጠሩ

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይ.ኤስ.ኦ 7010 በሚል ቁጥር ያወጣው የደኅንነት ምልክቶች ስብስብ አለ። ቀለሙና ቅርጹ ራሳቸው ቋንቋ ናቸው፦ አረንጓዴ አራት ማዕዘን መውጫንና እርዳታን፣ ቀይ አራት ማዕዘን የእሳት መሣሪያን፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያን፣ ሰማያዊ ክብ ግዴታን፣ በቀይ መስመር የተሰረዘ ክብ ክልከላን ይናገራል። ለእኛ ማስታወቂያ የበቁት ጥቂቶች ናቸው። በበር በኩል የሚሮጠው ሰው E001 ወይም E002 ተብሎ ይፈለጋል፤ የመጀመሪያው ወደ ግራ ነው፣ ሁለተኛው ወደ ቀኝ። የመሰብሰቢያ ቦታ E007 ነው፣ የዓይን መታጠቢያ E011። የሚሮጠው ሰው ሥዕል መነሻው የጃፓናዊው ዩኪዮ ኦታ ንድፍ ሲሆን ዛሬ በብዙ አገር ከበር በላይ ስለሚታይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

በማስታወቂያው ላይ ያለው ምልክት በግድግዳው ላይ ካለው ጋር ፍጹም አንድ መሆን አለበት። በወረቀቱ ላይ የተማረውን ሥዕል በኮሪደሩ ላይ ካላገኘው ትምህርቱ አልጠቀመውም። በሩቅ የሚታየው የግድግዳው ምልክት ነውና መጠኑን በዚህ አስሉ፦ በውጭ ብርሃን የሚታይ ምልክት ቁመቱ በመቶ ሲባዛ የሚታይበትን ርቀት ይሰጣል። 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው እስከ 15 ሜትር ይነበባል ማለት ነው። ከውስጡ የሚበራ ከሆነ በሁለት መቶ ይባዛል።

የሰማያዊውን የመተንፈሻ ጭምብል ምልክት ከዚህ ማስታወቂያ ላይ አውጡት። መጨመሩ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሰዎች ከመውጣት ይልቅ ጭምብል ፍለጋ ወደ መቆለፊያ ሣጥናቸው መሄዳቸው ነው፣ የአቧራ ጭምብልም አሞንያን አያግድም። በሁለት ዓይነት ደወል መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት የእሳቱን በአንድ ረጅም መስመር፣ የአሞንያውን በተቆራረጡ አጫጭር መስመሮች መሣል ከየትኛውም ቃል በላይ ሠርቶልኛል።

«ነፋሱን አይታችሁ መንገድ ምረጡ» የሚለው ሐሳብ ግን በአንድ ምልክት አይገለጽም። እዚህ ላይ ትንሽ ሥዕል ማዘጋጀት ግድ ይላል፣ የተሠራ ሥዕል ደግሞ መፈተን አለበት፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ደረጃ አምስት፦ ትርጉሙን አስመልሱ

ለተርጓሚው ሰንጠረዥ ስጡት፤ በአንድ ሣጥን አንድ ዐረፍተ ነገር። ሁለት ሣጥን እንዳያዋህድ፣ ማሳሰቢያ እንዳይጨምር ንገሩት። ከዚያ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው።

በእኛ ጉዳይ ከእንግሊዝኛው የተመለሰው አራተኛ መስመር «ውኃ በሚጭነው መኪና አጠገብ ተሰብሰቡ» ይል ነበር። ተርጓሚው አልሰነፈም፤ በአማርኛ «ታንከር» የምንለው የቆመ የውኃ ማጠራቀሚያ በእንግሊዝኛ በዚያው ስም ሲጠራ መኪና ወይም መርከብ ይሆናል። መኪናው ደግሞ በየቀኑ ቦታ ይቀይራል። የታንከሩን ሥዕል ከመጀመሪያው ለተርጓሚው አሳይተነው ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምልክቶቹን ሳልልክ ጽሑፍ ብቻ ልኬ አላውቅም።

ደረጃ ስድስት፦ ገጹን ስታዘጋጁ ዐረብኛውን ጠብቁ

ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ሥዕሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ በአግድም ከደረደራችኋቸው የዐረብኛው አንባቢ ከአምስተኛው ጀምሮ ወደ አንደኛው ሊሄድ ይችላል። መፍትሔው ደረጃዎቹን ከላይ ወደ ታች መደርደር ነው፤ በዚህ አቅጣጫ አራቱም ቋንቋዎች ይስማማሉ። ምልክቱና ቁጥሩ በመካከል ይሁኑ፤ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ጎን፣ ዐረብኛና ሂንዲ በሌላው ይሰለፉ። ስልክ ቁጥሩን በየቋንቋው አትድገሙት፤ አንድ ጊዜ፣ በትልቁ፣ ከታች ይጻፍ።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ቀስቱ ሲገለበጥ ነው። አንድ ጊዜ ያሠራሁት የዐረብኛ ገጽ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ሠራተኛው ገጹን እንዳለ እንደ መስታወት ስለገለበጠው የሚሮጠው ሰው ወደ ግራ መሮጥ ሲገባው ወደ ቀኝ ይሮጥ ነበር፤ በቀኝ በኩል ያለው የኮምፕረሰሩ ክፍል ነው። ጽሑፍ ከአንባቢው ጋር ይዞራል፣ ቀስት ግን ከሕንፃው ጋር ይቆማል። ስለዚህ ቀስት ያለበት ማንኛውም ቅጂ በሚሰቀልበት ግድግዳ ፊት ተይዞ በእጅ እየተጠቆመ መረጋገጥ አለበት፤ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ ምርመራ ይህን አይይዝም።

ሌላው ፊደሉ ነው። አንዳንድ የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ዐረብኛ ሲለጠፍባቸው ተያያዥ መሆን ያለባቸውን ፊደላት ነጣጥለውና ቅደም ተከተላቸውን ገልብጠው ያስቀምጧቸዋል፤ በሂንዲም የአናባቢ ምልክቶቹ ከቦታቸው ይለቃሉ። ቋንቋውን ለማያውቅ ዓይን ሁሉም ያምራል። የሚታተመውን ገጽ ተርጓሚው በስልኩ ከላከው ጽሑፍ ጋር ቃል በቃል የሚያስተያይ አንባቢ ፈልጉ። ለአማርኛው ደግሞ ፊደሉን አታወፍሩት፤ «ውጡ» እና «ውጣ» የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው፣ ያ ጭረት በወፍራም ፊደል ይዋጣል። በሁለት ሜትር ርቀት እንዲነበብ ቁመቱን ከ1 ሳንቲ ሜትር አላሳንሰውም።

ደረጃ ሰባት፦ «ገባህ ወይ?» ሳትሉ ፈትኑ

«ገባህ ወይ?» ለሚል ጥያቄ ሁሉም «አዎ» ይላል። ጥያቄው «ይህ ደወል አሁን ቢጮህ ምን ታደርጋለህ? አሳየኝ» ይሁን። ከእያንዳንዱ ቋንቋ ቢያንስ አምስት ሰው፣ ከማያነቡትም ሁለት ሦስት ሰው፣ አንድ በአንድ ጠይቁ። መልሱን በሦስት ክፈሉት፦ ትክክል፣ ያልገባው፣ እና ተቃራኒውን የተረዳ። የመጨረሻው ከሁለተኛው ጋር መደመር የለበትም፤ ያልገባው ሰው ሌላውን ተከትሎ ይወጣል፣ ተቃራኒውን የተረዳው ግን በልበ ሙሉነት ወደ አደጋው ይሄዳል፣ ሌሎችንም ያስከትላል። የአሜሪካው የደኅንነት ምልክት ደረጃ ለአዲስ ሥዕል ቢያንስ 85 በመቶ ትክክለኛ መልስ ሲጠይቅ ተቃራኒው ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ያ መለኪያ የሚሠራው በ50 ሰው ነው፤ በሃያ ሰው ፈተና አንድም ተቃራኒ መልስ ከተገኘ ሥዕሉ ይቀየር የሚለውን እመርጣለሁ።

የእኛ የነፋስ ጨርቅ ሥዕል የወደቀው በዚህ ፈተና ነው። ከማያነቡት አንዱ ሥዕሉን አይቶ ያለ ማመንታት ጨርቁ ወደሚጠቁምበት ሄደ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ቀስት አይደለም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከሰፊ አፍ ወደ ቀጭን ጫፍ የሚሄድ ቅርጽ ቀስት ይመስላል፣ ቀስት ደግሞ «ሂድ» ማለት ነው። በሁለተኛው ረቂቅ ከጨርቁ ጫፍ ፊት ጉም ሣልን፣ በጉሙ ላይ የሚራመድ ሰው አድርገን በቀይ የክልከላ ክብ ሰረዝነው፤ በተቃራኒው ጎን አረንጓዴውን የመሰብሰቢያ ምልክት አስቀመጥን። ሌሎች ሰዎች ይዘን ስንደግመው ተቃራኒውን የተረዳ አልተገኘም።

ፈተናው ካለፈ በኋላ በግቢው ውስጥ አንድ ጊዜ በእግር ይሄድበት፤ ጨርቁ በዚያ ቀን በእውነት ወደሚያመለክትበት እየታየ። እኛ ይህን ስናደርግ የዓይን መታጠቢያው ያለው ሕንፃው ውስጥ ብቻ እንደሆነ አስተዋልን። «በውኃ እጠቡ» የሚለው መስመር ዓይኑ የተቃጠለውን ሰው ወደ ውስጥ ይመልሰው ነበር። ጽሑፉን ማረም አላስፈለገም፤ በሁለቱም የመሰብሰቢያ ቦታዎች የውኃ ቧንቧ ተዘረጋ፣ E011ም ከጎኑ ተሰቀለ።

ስትሰቅሉ በገጹ ጥግ ላይ የቅጂ ቁጥርና ቀን ይኑር፤ የተለጠፈባቸው ቦታዎችም ተመዝግበው ይያዙ። አዲሱ ሲወጣ አሮጌው በዚያው ሰዓት መነሣት አለበት፣ ምክንያቱም በአንድ ግቢ ሁለት የተለያዩ የመሰብሰቢያ ቦታዎች የሚናገሩ ሁለት ወረቀቶች ካሉ ሠራተኛው የሚከተለው በቅርቡ ያለውን ነው። ታንከሩ ከተነሣ፣ የጥበቃ ቤቱ ከተዛወረ፣ ወይም በአምስተኛ ቋንቋ ብቻ የሚያነቡ ሠራተኞች ከተቀጠሩ ማስታወቂያው ከደረጃ አንድ ይጀመራል። የነፋሱም ጨርቅ በፀሐይና በዝናብ ይቀደዳልና በወር አንድ ጊዜ አንጋጣችሁ እዩት፤ የተቀደደ ጨርቅ ነፋስ እያለ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ ሦስተኛውም መስመር ያን ጊዜ ምንም አይናገርም።